ሩቅ ክፍል የማይደርስ ዋይፋይ፦ ማዛወር፣ ቻናል መቀየር፣ አዲስ ራውተር መግዛት ወይስ ኬብል መዘርጋት?

ሳሎን ውስጥ ያለ እንከን የሚሠራው ዋይፋይ መኝታ ቤት ሲደርስ የሚንቀራፈፍ፣ ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ጭራሹን የሚጠፋ ከሆነ፣ ለቤቱ ባለቤት የሚቀርቡለት ምርጫዎች ብዙ አይደሉም። ራውተሩን ማዛወርና አንቴናውን ማስተካከል፣ ቻናሉን መቀየር፣ አርጅቷል ብሎ አዲስ ራውተር መግዛት፣ ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ሪፒተር ወይም ባንድ ስም የሚሠሩ ሳጥኖች የሆነውን ሜሽ መጨመር፣ ወይም ኬብል ዘርግቶ ሁለተኛ ማሰራጫ መትከል ናቸው። ሁሉም በየፊናቸው ይረዳሉ፤ ነገር ግን የሚያክሙት በሽታ የተለያየ ነው። ማዛወር ግድግዳና ርቀት ያመጡትን ድካም ይቀንሳል፤ ቻናል መቀየር የጎረቤት ዋይፋይ የሚፈጥረውን መጨናነቅ ያቃልላል፤ አዲስ ዕቃ መግዛት ዕቃው በእርግጥ ሲያረጅ ብቻ ይጠቅማል። አብዛኛው ሰው ግን ከመደብሩ ይጀምራል፤ ስድስት አንቴና ያለው ራውተር ገዝቶ በቀድሞው ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ያስቀምጠዋል፤ ሰርቪስ ቤቱም እንደነበረው ይቀራል።

ምርጫዎቹን አንድ በአንድ የማነጻጽረው በታላቅ እህቴ ቤት በሠራነው ሥራ ላይ ተመርኩዤ ነው። ቤቱ ገርጂ የሚገኝ፣ በብሎኬት የተሠራ የግቢ ቤት ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባው በፊት ለፊቱ ሳሎን ሲሆን፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ሁለት መኝታ ቤቶችና ማዕድ ቤት ይከተላሉ፤ ከማዕድ ቤቱ በስተጀርባ አምስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጓሮ አለ፤ ጓሮውን ተሻግሮ ደግሞ የእህቴ ልጅ የሚያጠናበት ሰርቪስ ቤት ይገኛል። ከራውተሩ እስከ ልጁ ጠረጴዛ ያለው ርቀት 17 ሜትር ነው፤ በመካከሉ አራት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የላሜራ በር አለ። የመስመሩ ፍጥነት በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ የደከመው ዋይፋዩ ነው ወይስ መስመሩ?

ሩቅ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ሲዘገይ ጥፋቱን ወዲያው በራውተሩ ላይ መጣል ስሕተት ነው። ወደ ቤት የሚገባው መስመር ራሱ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ራውተር፣ አንቴናም ሆነ ሪፒተር አያድነውም። ሁለቱን ለመለየት ላፕቶፕና አሥር ደቂቃ ይበቃል። በዊንዶውስ ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው የሚከተሉትን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show interfaces
ping -n 50 192.168.1.1
ping -n 50 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ከሚያሳያቸው መስመሮች መካከል Signal የሚለው የሲግናሉን ጥንካሬ በመቶኛ፣ Channel የሚለው ደግሞ የቻናሉን ቁጥር ይሰጣል። አዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ይህን ከማሳየታቸው በፊት የLocation ፈቃድ እንዲበራ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሁለተኛው ትእዛዝ 50 አጫጭር መልእክቶች እየላከ ከራውተሩ ጋር ብቻ ይነጋገራል፤ የራውተርዎ አድራሻ 192.168.1.1 ካልሆነ ipconfig ብለው ሲጽፉ በDefault Gateway ፊት ለፊት ያገኙታል። ሦስተኛው ከቤት ውጭ ወዳለ አገልጋይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ከራውተሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ከሩቁ ክፍል ይለኩ። ከራውተሩ አጠገብ ሆነው ሁለተኛው ትእዛዝ አንድም መልእክት ሳያጠፋ ሦስተኛው ብዙ ካጠፋ፣ ጥፋቱ የመስመሩ ነውና ጉዳዩን ለአገልግሎት ሰጪው ማቅረብ ይገባል። ከራውተሩ አጠገብ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ሩቁ ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ራሱ የሚያጠፋ ከሆነ ግን ችግሩ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ባለው አየር ላይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ሲግናሉ 99 በመቶ ነበር፤ ከተላኩት 50 መልእክቶች አንድም አልጠፋም። የመጨረሻው መኝታ ቤት ውስጥ 62 በመቶ ደረሰ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ 24 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከ50 መልእክቶች 9ኙ ጠፍተዋል፤ ከተመለሱትም አንዳንዶቹ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ዘግይተዋል። እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይመዝገቡ፤ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ የሚመዘነው ከእነሱ አንጻር ነውና። በስልክ መተግበሪያ የሚለካ ሰው በመቶኛ ፈንታ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያያል፤ የዊንዶውሱ 100 ወደ -50 አካባቢ ሲሆን፣ 66 ወደ -67፣ 24 ደግሞ ወደ -88 ይጠጋል። የቪዲዮ ጥሪ ያለ መቆራረጥ እንዲካሄድ -67 አካባቢ ወይም ከዚያ የተሻለ ሲግናል ቢኖር ይመረጣል፤ ከ-80 በታች ከሆነ ግንኙነቱ አለ ከመባል የዘለለ ጥቅም አይሰጥም።

ቦታና አንቴና፦ ገንዘብ የማይጠይቀው ምርጫ

ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ለቤቱ በሚበጀው ቦታ ሳይሆን መስመሩ በገባበት ቦታ ነው። የእህቴም ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነበር። የቴሌቪዥን ጀርባ ብረት አለበት፤ ብረት ደግሞ ሲግናልን ያንጸባርቃል እንጂ አያሳልፍም። ማቀዝቀዣ፣ ትልቅ መስታወት፣ የብረት ቁም ሣጥንና የላሜራ በርም እንዲሁ ናቸው። ውኃ በበኩሉ ሲግናልን ይውጣል፤ ስለዚህ ውኃ ሲጠፋ ለመጠባበቂያ ኮሪደር ላይ የሚቀመጥ ሙሉ በርሜል፣ በጓሮም ያለው ሮቶ፣ በራውተሩና በሩቁ ክፍል መካከል ከገቡ እንደ አንድ ተጨማሪ ግድግዳ ይቆጠራሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ ቤት ውስጥ ውኃው ሲያልቅ ዋይፋዩ የሚሻሻለው።

ግድግዳ ሲቆጠር ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን ሲግናሉ የሚገባበት አቅጣጫም ሊታሰብ ይገባል። ግድግዳውን ፊት ለፊት የሚያቋርጥ ሲግናል የሚያልፈው የብሎኬቱን ስፋት ያህል ብቻ ነው፤ በሰያፍ የሚያቋርጠው ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ብሎኬት ውስጥ ይጓዛል። ራውተሩን ሁለትና ሦስት ሜትር ማንቀሳቀስ አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ ለውጥ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገዱ በግድግዳ ፈንታ በእንጨት በር ወይም በኮሪደር ክፍት ቦታ እንዲያልፍ ያደርጋል።

አንቴናውን በተመለከተ የተለመደው ስሕተት ጫፉን ወደ ሩቁ ክፍል ማነጣጠር ነው። ራውተር ላይ ከሚታየው ቀጥ ያለ አንቴና ሲግናል የሚወጣው ከጫፉ እንደ ባትሪ ብርሃን ሳይሆን ከጎኑ ዙሪያውን ነው። ቅርጹን ለማሰብ ጋን የሚቀመጥበትን ማቶት ያስቡ፤ አንቴናው በማቶቱ ቀዳዳ መካከል የቆመ እንጨት ቢሆን፣ ሲግናሉ የሚበረታው ማቶቱ ባለበት ዙሪያ ሲሆን ከእንጨቱ ጫፍ በላይና በታች ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ ሁሉ ባንድ ወለል ላይ ባሉበት ቤት አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ፎቅ ላለው ቤት አንዱ ቆሞ ሌላው ወደ ጎን ቢተኛ፣ የተኛው ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ወለል ይደርሳል። አንቴናው በሳጥኑ ውስጥ ለተቀበረበት ራውተር ደግሞ አምራቹ ባሰበው አኳኋን፣ ማለትም እንዲቆም የተሠራው ቆሞ፣ እንዲተኛ የተሠራው ተኝቶ መቀመጡ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ቀጭኑን የፋይበር ገመድ ማጠፍ፣ መጎተት ወይም በሚስማር መምታት አይገባም፤ በውስጡ ያለው መስታወት ነው፤ በጠባቡ ከታጠፈ ብርሃኑ ይፈስሳል፣ ከተሰበረም የሚቀጠለው በልዩ መሣሪያ ነው። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሳጥኑን በቦታው ትቶ በሁለቱ መካከል ያለውን አጭር የኔትወርክ ኬብል በረጅም መተካት ነው የሚሻለው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ሜትሩን ኬብል በስምንት ሜትር ተክተን ራውተሩን ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ካለው ቁም ሣጥን አናት፣ ከወለሉ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ አስቀመጥነው፤ ሁለቱንም አንቴናዎች አቆምናቸው። የመጨረሻው መኝታ ቤት ከ62 ወደ 78 በመቶ፣ ሰርቪስ ቤቱ ከ24 ወደ 38 በመቶ ከፍ አለ። ለመኝታ ቤቱ ችግሩ እዚህ ላይ አበቃ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ግን ከ50 መልእክቶች አሁንም 6 ይጠፉ ነበር።

የጎረቤት ዋይፋይ፦ ሲግናል ሳይቀንስ የሚመጣ ድካም

በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች ቢኖሩትም፣ እያንዳንዱ ማሰራጫ የሚይዘው ስፋት አራትና አምስት ቻናል የሚሸፍን በመሆኑ፣ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚቀመጡት በተለምዶ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ሁለት ራውተሮች ባንድ ቻናል ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ ይደማመጣሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ንግግሩ አይበላሽም። አንዱ በ4፣ ሌላው በ6 ላይ ሲሆን ግን በከፊል ይደራረባሉ፤ የአንዱ ንግግር ለሌላው ሊረዳው የማይችለው ጫጫታ ይሆንበታል። ስለዚህ ማንም ያልያዘውን ቻናል 4 ወይም 8 አግኝቶ መስፈር ብልህነት ቢመስልም ጉዳቱ ያመዝናል። ከሦስቱ መካከል ሲግናላቸው ደካማ የሆነ ጎረቤቶች የሰፈሩበትን መምረጥ ይሻላል።

ጎረቤቶቹ የያዙትን ቻናል ለማየት የሚከተለው ትእዛዝ ያገለግላል፤ ለስልክም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ፦

```
netsh wlan show networks mode=bssid
```

ቅኝቱ የሚደረገው ሩቁ ክፍል ውስጥ እንጂ ራውተሩ አጠገብ መሆን የለበትም። ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነጥብ በመሆኑ ትንሽ ላብራራው። ሰርቪስ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከግቢው አጥር ጋር ተያይዞ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የሌላ ሰው ቤትና የሌላ ሰው ራውተር አለ። ሳሎን ያለው ራውተር ያን የጎረቤት ራውተር ስለማይሰማው ሰዓቱ ነጻ መስሎት ይናገራል፤ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ግን የራሱን ራውተር በሹክሹክታ፣ የጎረቤቱን በጩኸት ይሰማል። ራውተሩ ቻናሉን በራሱ እንዲመርጥ Auto ላይ ሲተውም የሚመርጠው በራሱ ጆሮ ነው፤ ሩቁ ክፍል ውስጥ ያለውን ጫጫታ አያውቅም።

እህቴ ቤት ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ስንቃኝ 11 የጎረቤት ዋይፋዮች ታዩ፤ ስድስቱ በ6፣ ሦስቱ በ11፣ ሁለቱ በ1 ላይ ነበሩ። ከአጥሩ ጀርባ ያለውና ከሁሉ የሚበረታው በ6 ላይ ሲሆን፣ የእኛ ራውተር ደግሞ 4ን መርጦ ከእሱ ጋር ይጋጭ ነበር። ወደ 1 ቀየርነው፤ Channel Width የሚለውንም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አወረድነው፤ ምክንያቱም 40 ለብቻው በቆመ ቤት ፍጥነት ይጨምር እንደሆነ እንጂ ጎረቤት በበዛበት ሰፈር ሁለት እጥፍ ጫጫታ መጋበዝ ነው። ሲግናሉ እንደነበረው 38 በመቶ ሆኖ ቀረ፤ የጠፉት መልእክቶች ግን ከ6 ወደ 2 ወረዱ። የስልክ ማያ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች ይህን ለውጥ ፈጽሞ አያሳዩም፤ የሚያሳዩት የራውተሩ ድምፅ ምን ያህል እንደደረሰ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ምን ያህል ጫጫታ እንዳለበት አይናገሩም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁኔታው ይለያል። እሱ የሚቸገረው በርቀት ሳይሆን በብዛት ነው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያሉ ቤቶች ሁሉ በሦስቱ ቻናሎች ላይ ተጨናንቀዋል፤ ከሦስቱ የትኛውንም ቢመርጥ እፎይታው ትንሽ ነው። ለእሱ የሚበጀው 5 ጊጋኸርዝ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያቋርጥ ከ2.4 ይበልጥ ይደክማል፤ በኮንዶሚኒየም ግን ይህ ድካም ጥቅም ሆኖ ይገኛል፤ የጎረቤቱም 5 ጊጋኸርዝ የኮንክሪቱን ወለል አልፎ እምብዛም አይደርስበትምና፤ ቻናሎቹም ብዙ ናቸው።

ያረጀ ራውተር፦ መቼ ነው መግዛት የሚገባው?

ራውተር ሲያረጅ አንቴናው ይደክማል የሚለው እምነት በአብዛኛው ትክክል አይደለም። አንቴና የሚጎዳው ሲላላ፣ መገጣጠሚያው ሲሰበር ወይም በውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲለቅ ነው። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ከራውተሩ ሦስት ሜትር ርቀው፣ መካከሉ ባዶ ሆኖ ሲለኩ ሲግናሉ ከ90 በመቶ በላይ መሆን አለበት። በዚያ ርቀት ከ80 በታች ካሳየ ማሰራጫው ወይም አንቴናው ተጎድቷል፤ ቦታ መቀየርም ቻናል መቀየርም አይረዳውም።

ቀድሞ የሚያረጀው ኃይል ሰጪው አዳፕተር ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና ከፍ ዝቅ በሚል መብራት ምክንያት አቅማቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት የሚፈልገውን ኃይል ያጣና ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ምልክቱም ይህ ነው፦ ሌሊት ደህና ይሠራል፣ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ሲጠቀም ይቋረጣል፣ መብራቶቹም እንደ አዲስ ይበራሉ። የእህቴ ራውተር ስምንት ዓመት የሠራ ሲሆን፣ ይህ ምልክት ነበረው። ቮልቱና የመሰኪያው ቅርጽ አንድ ዓይነት የሆነ፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ አዳፕተር ከጎረቤት ተውሰን ሁለት ቀን ሞከርነው፤ መቋረጡ ቆመ። ራውተሩን ሊጥሉት ተቃርበው ነበር። ቮልቱ ከዋናው የሚበልጥ አዳፕተር ግን ለሙከራም ቢሆን መሰካት የለበትም፤ ያቃጥለዋል።

ለመግዛት እውነተኛ ምክንያት የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። ራውተሩ 2.4 ብቻ ከሆነ፣ የኔትወርክ ቀዳዳዎቹ 100 ሜጋቢት ሆነው መስመሩ ከዚያ ከበለጠ፣ WPA2 የሚባለው የዋይፋይ ጥበቃ የሌለው ከሆነ፣ ወይም አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መልቀቅ ካቆመ መተካት ይገባዋል። የዋይፋይ ትውልዶች የሆኑት የ2009ኙ 802.11n፣ የ2013ቱ 802.11ac እና ከዚያ የተከተለው 802.11ax በፍጥነትና ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ በማስተናገድ እጅግ ይለያያሉ፤ ግድግዳ በማቋረጥ ግን ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም። ምክንያቱ በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ራውተር የሚያወጣው ኃይል በሕግ የተገደበ ነው፤ ለምሳሌ በአውሮፓ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ100 ሚሊዋት እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ አንቴና መደርደር ይህን ወሰን አያነሣም። በሌላ በኩል ዋይፋይ ንግግር ነው እንጂ ሬዲዮ ጣቢያ አይደለም፤ ራውተሩ ቢጮህም ስልኩ በትንሽ ባትሪና በትንሽ አንቴና መልሶ መናገር አለበት። ስልኩ የራውተሩን ድምፅ እየሰማ፣ ራውተሩ የስልኩን ድምፅ ካልሰማ፣ ማያው ላይ ሁለት መስመር ሲግናል እየታየ ገጹ አይከፈትም።

ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ ኬብል?

ቦታው ተስተካክሎ፣ ቻናሉ ተመርጦ፣ አዳፕተሩም ተቀይሮ ሩቁ ክፍል አሁንም ካልረካ፣ የሚቀረው ማሰራጫውን ራሱን ወደ ክፍሉ ማቅረብ ነው። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የሚያገኘው፤ ሦስቱ መንገዶችም በእርግጥ የሚለያዩት እዚህ ነው።

ሪፒተር ከሁሉ ርካሽና ለመትከል ቀላል ነው፤ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የራውተሩን ስምና የይለፍ ቃል ይቀበላል፣ ያበቃል። ጉዳቱ ከራውተሩ የሰማውን በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚናገር ነው፤ ሲሰማ አይናገርም፣ ሲናገር አይሰማም፤ በመሆኑም ከ2.4 እና ከ5 ጊጋኸርዝ ባንዶች በአንዱ ብቻ የሚሠራ ሪፒተር የሚያስተላልፈው ፍጥነት ከሚቀበለው ግማሽ ገደማ ነው። ብዙዎች ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ እዚያ ግን ሪፒተሩ ራሱ የሚሰማው ነገር የለም። መሰካት ያለበት መካከል ላይ፣ ላፕቶፕ ቢያንስ 60 በመቶ በሚያሳይበት ቦታ ነው። እኛ የተውሶ ሪፒተር ጓሮውን በሚያየው የማዕድ ቤት መስኮት አጠገብ ሰካን። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሲግናሉ ወደ 85 በመቶ ዘለለ፤ ልጁም ደስ አለው። ፍጥነቱን ስንለካ ግን 7 ሜጋቢት ሆነ፤ ሳሎን ውስጥ 19 ነበር። 85 በመቶው በላፕቶፑና በሪፒተሩ መካከል ያለውን ብቻ ይናገራል፤ ከሪፒተሩ እስከ ራውተሩ ያለው ደካማ ጉዞ ማያው ላይ አይታይም። ሆኖም 7 ሜጋቢት ለቪዲዮ ትምህርት ይበቃል፤ ቤቱ የኪራይ ቢሆንና ባለቤቱ ግድግዳ መብሳት ባይፈቅድ ኖሮ እዚሁ ላይ አቆም ነበር። በዚህ ጊዜም ቢሆን ሁለት ባንድ ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ ከራውተሩ ጋር በአንዱ፣ ከስልኩ ጋር በሌላው ይነጋገራልና።

ሜሽ የተሻሻለ የሪፒተር ቤተሰብ ነው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ሁለትና ሦስት ተመሳሳይ ሳጥኖች ባንድ ስም ይሠራሉ፤ ስልክ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር አንዱ ለሌላው ማስረከቡን ያቀላጥፉታል፤ አያያዛቸውም ካንድ መተግበሪያ ነው። ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው፤ በሳጥኖቹ መካከል ያለው ግንኙነት በአየር ከሆነ ደግሞ ከብሎኬትና ከላሜራ ጋር ያለው ትግል አልቀረም። ሰፊ ሆኖ ግድግዳው ቀላል ለሆነ፣ ወይም ክፍሎቹ ባንድ ጣሪያ ሥር ላሉ ቤት ሜሽ ምቹ ነው። ጓሮ ተሻግሮ ላለ ሰርቪስ ቤት ግን ለገንዘቡ ተመጣጣኝ ውጤት ይሰጣል ብዬ አላምንም፤ ሳጥኖቹ በኬብል ካልተያያዙ በስተቀር።

በግቢ ቤት የኔ ምርጫ ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይሄዳል፤ የግድግዳ ቁጥር አይገደውም፤ ከጎረቤት ዋይፋይ ጋርም አይጋጭም። በሩቁ ጫፍ የሚተከለው ማሰራጫ፣ አክሰስ ፖይንት የሚባለው፣ አዲስ መሆን የለበትም፤ ጡረታ ሊወጣ የነበረው ራውተር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከዋናው ራውተር ኋላ ስለሚሆን በቀጥታ ለኢንተርኔት አይጋለጥም፤ WPA2 እስካለው ድረስ እድሜው እንደ ቀድሞው አያሰጋም። እህቴም በመጨረሻ ያደረገችው ይህን ነው፤ ለኮሪደሩ ሁለት ባንድ ያለው መካከለኛ ዋጋ ያለው ራውተር ገዛች፤ አሮጌው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ተሻገረ።

ኬብሉ ሲገዛ መዳብ መሆኑ ይረጋገጥ። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ብዙ አለ፤ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ብር የሚመስል ከሆነ መዳብ አይደለም፤ በቀላሉ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ይደክማል። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ለቤት ይበቃል። ጓሮውን የሚያቋርጠው ክፍል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ቢቀበር ከፀሐይ፣ ከአይጥና ከመጥረጊያ ይድናል፤ ከመብራት ሽቦ ጋር ባንድ ቱቦ መግባት ግን የለበትም። በሁለት ቤቶች መካከል በአየር ላይ የተንጠለጠለ ኬብል በክረምት መብረቅ ሲበዛ የሁለቱንም ጫፍ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል፤ የተቀበረው የተሻለ ነው፤ ኃይለኛ ነጎድጓድ ሲኖርም ሁለቱንም ጫፍ መንቀል ይገባል።

አሮጌውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ለማድረግ ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት በላፕቶፕ ገብተው ሦስት ነገር ይለውጡ። አንደኛ፣ የLAN አድራሻውን ከዋናው ራውተር የተለየ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2፣ ያድርጉት፤ ይህ ቁጥር ዋናው ራውተር ለሌሎች ከሚያድላቸው ውጭ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ለስልኮችና ለላፕቶፖች አድራሻ የሚያድለውን DHCP Server የሚለውን ያጥፉ። ሦስተኛ፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ አድርገው ቻናሉን ብቻ ይለዩ፤ እኛ ኮሪደሩን በ1፣ ሰርቪስ ቤቱን በ11 አደረግን። ከዚያ ኬብሉን ከWAN ሳይሆን ከLAN ቀዳዳዎቹ በአንዱ ይሰኩ። ከእነዚህ በብዛት የሚረሳው DHCP ነው፤ ሳይጠፋ ከቀረ ሁለት ራውተሮች አድራሻ ያድላሉ፤ አንዳንዱ ስልክ ይሠራል፣ አንዳንዱ ዋይፋይ ገብቶ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ ማን እንደሚሠራና ማን እንደማይሠራ በየቀኑ ይለዋወጣል። ይህን ዓይነት ምልክት ካዩ ኬብሉን አይጠርጥሩ።

ውጤቱ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ 96 በመቶ ሲግናል፣ 19 ሜጋቢት ፍጥነት፣ ከ50 መልእክቶች ደግሞ አንድም ያልጠፋ ሆነ። ኬብሉን ለመዘርጋት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይታሰብ። ሪፒተር በቀጥታ ሶኬት ላይ ስለሚሰካ በትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ማቆየት ይከብዳል፤ ራውተርና አሮጌው ራውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ወይም በ9 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ የኃይል መጠባበቂያዎች ለጥቂት ሰዓት ያቆዩአቸዋል። የፋይበር ሳጥኑም የራሱ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ራውተሩ ቢበራም እሱ ከጠፋ ኢንተርኔት የለም።

ሁለት ማሰራጫ ካለ በኋላ አንድ ጉዳይ ይቀራል። ስልክ ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ቤት ሲሄድ አዲሱን ማሰራጫ ትቶ የቀድሞውን ደካማ ሲግናል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ስልኩ ነውና። እህቴ ልጅ ላይም በመጀመሪያው ቀን የደረሰው ይኸው ነው። የዋናውን ራውተር Transmit Power ከHigh ወደ Medium ስናወርደው ድምፁ ጓሮውን ተሻግሮ መሰማቱን አቆመ፤ ስልኩም ደጃፉን ሲረግጥ ወደ ቅርቡ ማሰራጫ መሻገር ጀመረ።